ዓይን የማያየው ፊደል፦ ቴሲስ ውስጥ ስለሚደበቅ ጽሑፍ

ግንቦትና ሰኔ ሲመጣ ባሕር ዳርም ሆነ ደብረ ማርቆስ፣ ካምፓስ አካባቢ ያሉ የጽሕፈትና ኮፒ ቤቶች ሥራ ይበዛባቸዋል። ቴሲስ ይታተማል፣ ይጠረዛል፣ የገጽ ቁጥር ይስተካከላል። በዚያው ሰሞን ሌላ ዓይነት አገልግሎትም በቴሌግራም ይዞራል፦ «ፕሌጀሪዝም እናወርዳለን፤ ጽሑፋችሁ አይነካም» የሚል። እናወርዳለን የሚሉት ቼከር፣ ማለትም ጽሑፍን ከሌሎች ጽሑፎች ጋር የሚያመሳክረው ፕሮግራም፣ የሚያወጣውን የመመሳሰል መቶኛ ነው።

ሁለተኛዋን ሐረግ ልብ በሉልኝ። ከሌላ ሰው የተቀዳ አንቀጽ ሳይነካ እንዴት ነው መቶኛው የሚወርደው? በራስ አባባል እንደገና ከተጻፈ ተነክቷል። በትእምርተ ጥቅስ ገብቶ ምንጩ ከተጠቀሰም ተነክቷል። ምንም ሳይነካ ከወረደ የተደረገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሰው እንዲያነበው ማሽን ግን እንዳያነበው ተደርጓል።

ይህ እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚያዝ፣ ከመቅዳቱ በላይ ለምን እንደሚያስቀጣ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ምሳሌው ፈጠራ ነው፤ የማንም ተማሪ ታሪክ አይደለም። አሠራሩ ግን እውነተኛ ነው።

አንድ የማስተርስ ተማሪ አለ እንበል። ርዕሱ በጎዛምን ወረዳ የአፈር አሲዳማነትና የአርሶ አደሩ የኖራ አጠቃቀም ነው። ጎጃም ደጋው ላይ ዝናቡ ብዙ ነው። ዝናቡ ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል፤ አፈሩ አሲዳማ ይሆናል፤ ስንዴና ገብሱ ይቀጭጫል። መድኃኒቱ የተፈጨ ኖራ ነው። ብዙ ጥናት የተጻፈበት ጉዳይ ስለሆነ የሚቀዳውም ብዙ ነው። ተማሪያችን በእንግሊዝኛ 80 ገጽ፣ 24,000 ቃል ጻፈ። ቼከር ውስጥ ሲያስገባው 38 በመቶ ወጣ። የቀደሙ ጥናቶችን የሚዳስሰው ምዕራፍ ከሞላ ጎደል ኮፒ-ፔስት ነው። ፋይሉን ለአንድ «አስተካካይ» ሰጠ፤ በማግስቱ ሲመለስ 4 በመቶ ሆኗል። ገጾቹን ገለጠ። ቃሉ ሁሉ እንዳለ ነው። ተደስቶ አስገባ።

ምን ተደርጎ ነው? ለዚህ ቼከሩ ገጹን እንደ እኛ እንደማያይ ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ቅርጽ እናያለን፤ እሱ የሚያየው ቁጥር ነው። ዩኒኮድ በሚባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። የእኛ ሀ U+1200 ናት። የእንግሊዝኛዋ ትንሿ ኦ U+006F ናት። ሩሲያኛና ቡልጋርኛ የሚጻፉበት የሲሪሊክ ፊደልም በቅርጽ ከእሷ የማትለይ ኦ አለችው፤ ቁጥሯ ግን U+043E ነው። በተለመዱት ፎንቶች ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስቀምጧቸው መለየት አትችሉም። «አፈር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በሁለቱም ዓይነት ልጻፈው፦

```
soil  =  0073 006F 0069 006C
sоil  =  0073 043E 0069 006C
```

ለዓይን አንድ ቃል ነው፤ ለማሽን ግን ሁለት። ሁለተኛው በየትኛውም የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የለም፤ በቼከሩ ቋት ውስጥም የለም።

ቼከር ደግሞ ነጠላ ቃል አያሳድድም። «አፈር» የሚለው ቃል በየጥናቱ አለ፤ ያ ስርቆት አይደለም። የሚፈልገው በተከታታይ የሚመሳሰሉ ቃላትን ነው፤ ለምሳሌ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት ቃል ሳይቋረጥ ከሌላ ጽሑፍ ጋር ሲገጥም። አሁን በተቀዱት ገጾች ያለችው ኦ ሁሉ በሲሪሊኳ ተተካች እንበል። የእንግሊዝኛዎቹ «ኦፍ»፣ «ቱ»፣ «ፎር»፣ «ኦን» ሁሉ ኦ አለባቸው። በየሁለት በየሦስት ቃሉ አንዱ ይበላሻል ማለት ነው። አምስት ጤነኛ ቃል ተከታትሎ የሚገኝበት ቦታ ከሞላ ጎደል ይጠፋል። 38 ወደ 4 የወረደው እንዲህ ነው። ማንም አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፈም፤ በ«ፈልግና ተካ» የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

ሌላኛው ዘዴ ነጭ ጽሑፍ ነው። ወረቀቱ ነጭ፣ ቀለሙም ነጭ፤ ፊደሉ አለ ግን አይታይም። በቃላት መሃል ያለውን ባዶ ቦታ በነጭ ፊደል የሚሞሉ አሉ። አንባቢ ባዶ ቦታ ያያል፤ ማሽን ግን አራት ቃል ተጣብቆ አንድ ረጅም ትርጉም የለሽ ቃል ሆኖ ይደርሰዋል። የተቀዳውን አንቀጽ በነጭ ትእምርተ ጥቅስ የሚያጥሩም አሉ። ቼከሩ «የተጠቀሰ ጽሑፍ አትቁጠር» ተብሎ ከታዘዘ አንቀጹን እንደ ጥቅስ ቆጥሮ ያልፈዋል፤ አንባቢ ግን ምንም ጥቅስ አላየም። ከዚህ ሌላ ስፋት የሌላቸው ፊደላት አሉ። U+200B የሚባለው ክፍተት ቁመትም ወርድም ሳይኖረው ቃል መሃል ገብቶ ለሁለት ይከፍለዋል። አንቀጹን ፎቶ አድርጎ መለጠፍም ያው ነው፤ ቼከሩ ፎቶ ካላነበበ ገጹን ባዶ አድርጎ ያልፈዋል። መንገዱ ይለያያል፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

አሁን ወደ አማካሪው ጠረጴዛ እንሂድ። ሪፖርቱ 4 በመቶ ይላል። ልምድ ያለው አማካሪ መጀመሪያ የሚጠራጠረው ይህንኑ ቁጥር ነው። 80 ገጽ የሆነ ሐቀኛ ቴሲስ ብዙ ጊዜ ዜሮ አካባቢ አይመጣም። የሽፋኑ ቃላት፣ የቃለ መሐላው ገጽ፣ የማጣቀሻ ዝርዝሩ፣ የወረዳው መገለጫ፣ የናሙና አወሳሰድ ቀመሩ፣ እነዚህ ሁሉ ከሌላ ሰው ቴሲስ ጋር መመሳሰላቸው አይቀርም። ደካማ እንግሊዝኛ የሚጽፍ ተማሪ፣ በተስተካከለ እንግሊዝኛ የተጻፈ ምዕራፍ፣ ከዚያ ደግሞ 4 በመቶ፤ ሦስቱ አንድ ላይ ሲመጡ ፋይሉን መክፈት ግድ ነው።

በነገራችን ላይ ትልልቆቹ ቼከሮች ይህን ዘዴ ካወቁት ቆይተዋል። ተርኒቲን ለምሳሌ የተተኩ ፊደላትንና የተደበቀ ጽሑፍን ለይቶ ባንዲራ የሚሰቅልበት ክፍል አለው። ችግሩ ብዙ ሰው ሪፖርቱን ሲከፍት መቶኛውን አይቶ መዝጋቱ ነው። ባንዲራው ተሰቅሎ ሳለ ማንም ሳያየው ቴሲሱ ወደ ዲፌንስ ይሄዳል። ድርጅቱ ራሱ ባንዲራው የግድ ችግር አለ ማለት እንዳልሆነና «እዚህ ጋ ተመልከቱ» የሚል ምልክት መሆኑን ይናገራል። ይህን ነጥብ ያዙት፤ እመለስበታለሁ።

የፋይሉን ኮፒ ይዘን ኦሪጅናሉን ሳንነካ እንመርምር። ቀላሉ ፈተና Ctrl+F ነው። በዓይናችሁ የምታዩትን ቃል በራሳችሁ ኪቦርድ ጻፉና ፈልጉ። በእኛ ምሳሌ soil ብለን ስንፈልግ በመረጃ ትንተናው ምዕራፍ በሽበሽ ይገኛል። የቀደሙ ጥናቶች በተዳሰሱበት ምዕራፍ ግን አንድም የለም። ስለ አፈር የተጻፈ 25 ገጽ ውስጥ አፈር የለም! ገጹ ላይ ግን በየመስመሩ ይታያል። ለእኔ ከዚህ የሚበልጥ ቀላል ምርመራ የለም። ሶፍትዌር አይፈልግም፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ቀጥሎ ከአንዷ አጠራጣሪ ኦ በኋላ ከርሰሩን አስቀምጡና በዎርድ Alt+X ተጫኑ። ፊደሏ ወደ ቁጥሯ ትቀየራለች። 006F ካለ የእንግሊዝኛዋ ናት፤ 043E ካለ ሲሪሊኳ ናት። ድጋሚ ብትጫኑ ወደ ፊደልነቷ ትመለሳለች። ፋይሉን ሙሉ ማየት የሚፈልግ ደግሞ በ UTF-8 ተራ ጽሑፍ አድርጎ ያስቀምጠውና ይህችን አጭር የፓይተን ኮድ ያስኬድ። ከተራው የእንግሊዝኛና ከግዕዝ ፊደል ውጭ ያለውን ሁሉ ቆጥራ ታወጣለች፦

```python
import unicodedata
t = open("thesis.txt", encoding="utf-8").read()
for c in sorted(set(t)):
    n = ord(c)
    if n > 127 and not 0x1200 <= n <= 0x139F:
        print(hex(n), unicodedata.name(c, "?"), t.count(c))
```

በእኛ ምሳሌ ከሚወጡት መስመሮች አንዱ እንዲህ ይላል፦

```
0x43e CYRILLIC SMALL LETTER O 3712
```

ሦስት ሺህ ሰባት መቶ አሥራ ሁለት የሩሲያ ኦ፣ ስለ ጎዛምን አፈር በተጻፈ ቴሲስ ውስጥ።

ነጩን ጽሑፍ ለማግኘት ደግሞ ሂሳብ ይበቃል። ዎርድ የቃላትንና ክፍተት የሌለበትን የፊደላት ብዛት ይነግራችኋል። ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉት። የአካዳሚክ እንግሊዝኛ ለአንድ ቃል በአማካይ ከአምስት እስከ ስድስት ፊደል ገደማ ይመጣል። የእኛ 24,000 ቃል በ5.5 ቢባዛ 132,000 ፊደል ነው። አስተካካዩ 14,400 ክፍተት በነጭ ፊደል ሞልቶ ቢሆን ኖሮ ቃሉ ወደ 9,600 ይወርዳል፣ ፊደሉ ወደ 146,400 ይወጣል፤ ስታካፍሉት ለአንድ ቃል 15 ፊደል ከሩብ። እንዲህ ዓይነት እንግሊዝኛ የለም። ከዚያ በኋላ Ctrl+A ብላችሁ የጽሑፉን ቀለም በሙሉ ጥቁር አድርጉት፤ ተደብቆ የነበረው ሁሉ ይወጣል። በዎርዱ የራሱ «Hidden» ቅርጸት የተደበቀ ካለ ግን ቀለም መቀየር አያወጣውም፤ Ctrl+Shift+8 ተጭናችሁ የተሸሸጉ ምልክቶችን ማብራት ያስፈልጋል።

የመጨረሻው ፈተና ወረቀት ነው፤ ኮሚቴ ፊት በጣም የሚያሳምነውም እሱ ይመስለኛል። ቴሲሱን አትሙት። ስካን አድርጉና ጽሑፍ በሚያነብ ፕሮግራም ወደ ፊደል መልሱት። ያ ፕሮግራም የሚያነበው ቅርጹን ስለሆነ ሲሪሊኳን ኦ የእንግሊዝኛ ኦ አድርጎ ይጽፋታል። ነጩ ፊደል ወረቀት ላይ ስለሌለ አይነበብም። ይህንን አዲስ ፋይል ቼከር ውስጥ አስገቡት። ሐቀኛ ፋይል ከሆነ ሁለቱ ውጤቶች ይቀራረባሉ። የእኛ ምሳሌ ግን ከ4 ተነሥቶ 38 አካባቢ ይመለሳል። ሰው የሚያነበውና ማሽን ያነበበው ሁለት የተለያየ ሰነድ እንደነበረ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ የለም።

እስካሁን ስለ ማግኘት ነበር። ከባዱ ክፍል መፍረዱ ነው። ያልተለመደ ፊደል የተገኘበት ሁሉ አጭበርባሪ አይደለምና።

ከድረ ገጽ ኮፒ የተደረገ የድርጅት ስም ወይም አድራሻ U+200B ይዞ ሊመጣ ይችላል፤ ተማሪው አያውቀውም። ከፒዲኤፍ የተወሰደ ጥቅስ ቃል መሃል የተሰወረ የመስመር መቁረጫ ጭረት ይዞ ይመጣል። ስታቲስቲክስ ያለበት ጽሑፍ የግሪክ አልፋና ቤታ ይኖረዋል፤ መኖርም አለበት። ሠንጠረዥ አናት ላይ በሰማያዊ መደብ የተጻፈ ነጭ ርዕስ ነጭ ጽሑፍ ነው፤ ግን ማንንም አይደብቅም።

በአማርኛ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ ይባስ ይወሳሰባል። ከዩኒኮድ በፊት የነበሩ የግዕዝ ፎንቶች አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥር ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በዚያ ዘመን የተጻፈ ፋይል ስክሪን ላይ አማርኛ ነው፤ ማሽን ሲያነበው ግን ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር ነው። አንድ የድሮ መምህር ጽሑፋቸውን በዚያ ፎንት ቢያስገቡ ቼከሩ ዜሮ ሊል ይችላል። ይህ ማታለል አይደለም፤ የኮምፒውተራችን ታሪክ ነው። አራት ነጥብን ተመልከቱ። አንዱ ሰው የራሷን ቁልፍ ተጭኖ ። ይጽፋል፤ ቁጥሯ U+1362 ነው። ሌላው በልማድ ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ይመታል፦ ፡፡። ዓይን አንድ ያደርጋቸዋል፣ ማሽን ይለያቸዋል፤ ግማሹ አገር ሁለተኛውን ነው የሚጠቀመው።

ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰና ሠ ጉዳይም አለ። «ሀገር»፣ «ሐገር»፣ «አገር» እየተባለ ሲጻፍ ኖሯል፤ ጸሐፊው እንደ ልማዱ ይጽፋል። አንድ ሰው የተቀዳ ምዕራፍ ውስጥ ሰን ሁሉ በሠ፣ አን ሁሉ በዐ ቢተካ ተራ ቼከር ሊሳሳት ይችላል። ቢሆንም አንባቢ ያየዋል። «ሠው ዐልመጣም» የሚል ምዕራፍ «ሰው አልመጣም» ከሚል ምዕራፍ ቀጥሎ ሲመጣ የጎጃም የቅኔ ተማሪ ቀርቶ የስምንተኛ ክፍል ልጅም ይጠይቃል። እኔ በፊደል ምርጫ ብቻ ማንንም አልከስም። ፊደሉ የተቀየረው በተቀዳው ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ግን ጥያቄ መጠየቅ ተገቢ ነው።

መለያው ይህ ነው፤ እንግዳው ፊደል የት ነው ያለው? የዋህ ስህተት የተዘራው እንደ ነሲብ ነው። አንድ እዚህ፣ ሁለት እዚያ፣ አብዛኛው ጥቅስና አድራሻ ላይ። ሆን ተብሎ የተሠራው ግን ድንበር አለው። ስካን የተደረገውን ፋይል ሪፖርት ከጎን አስቀምጣችሁ አስተያዩት። የተቀዳው አንቀጽ በሚጀምርበት መስመር ሲሪሊኩ ይጀምራል፤ አንቀጹ ሲያልቅ ያልቃል። ተማሪው ራሱ የጻፈው የመስክ ትዝብት ላይ አንድም የለም። ከድረ ገጽ ተጣብቆ የመጣ ፊደል የትኛው አንቀጽ እንደተሰረቀ አያውቅም። ይህን የሚያውቅ ሰው ነው ያስቀመጠው።

ለምን ከመቅዳቱ በላይ ይከብዳል የሚለውም ከዚሁ ይመጣል። የሰው ጽሑፍ ያለ ምንጭ መገልበጥ ጥፋት ነው፤ ግን ብዙ መነሻ አለው። አንዳንዱ ተማሪ ምንጭ አጠቃቀስ በወጉ አልተማረም። አንዳንዱ ማስታወሻ ሲይዝ የራሱንና የሌላውን ቀላቅሎ ረስቷል። ሌላው ደግሞ ምንጩን ግርጌ ላይ ከጻፍኩ ይበቃል ብሎ ያምናል። ኮሚቴ ሲቀመጥ እነዚህን ይመዝናል፤ ብዙ ጊዜም «አስተካክለህ ና» ይባላል። 38 በመቶ ይዞ የመጣ ተማሪ በዚህ በር መውጣት ይችላል። ችግሩ ታይቷል፤ ሊስተካከልም ይችላል።

ፊደል የተተካበት ፋይል ግን ይህን በር ራሱ ይዘጋዋል። «አላወቅሁም» ማለት አይቻልም፤ የማያውቅ ሰው አይደብቅም። መደበቁ ራሱ መቅዳቱ ስህተት እንደሆነ መታወቁን ይናገራል። በጎጃም ኪቦርድ ላይ ሲሪሊክ ኦ በስህተት አይመታም፤ 3,712 ጊዜ ደግሞ በጭራሽ።

ሌላም አለ። የተቀዳ አንቀጽ የሚያበላሸው ያንን አንቀጽ ነው። መመርመሪያውን ማሳወር ግን የሰነዱን ሁሉ እምነት ያፈርሰዋል። የኖራ መጠይቁ በእርግጥ ለአርሶ አደሩ ቀርቧል? የአፈሩ ናሙና ላቦራቶሪ ሄዷል ወይስ ቁጥሩም ከየትም የመጣ ነው? አማካሪው ከእንግዲህ ከመጀመሪያው መጠየቅ አለበት። የወረዳው የግብርና ባለሙያ ነገ ይህን ቴሲስ አንብቦ ለሔክታር ይህን ያህል ኩንታል ኖራ ብሎ ሊመክር ይችላል። ምክሩ ከሌላ አገር አፈር የተገለበጠ ከሆነ ገንዘቡንም ወቅቱንም የሚያጣው ገበሬው ነው። ጎን የተቀመጠው ተማሪም አለ። 24 በመቶ መጥቶበት ክረምቱን ሙሉ እንደገና የጻፈው እሱ ነው።

ነገሩ በተማሪ ብቻ አልቀረም። በ2025 ጃፓናዊው ጋዜጣ ኒኬይ፣ አርካይቭ በሚባለው የጥናት ማከማቻ ላይ 17 የጥናት ጽሑፎች ውስጥ የተደበቀ ትእዛዝ ማግኘቱን ዘገበ። ትእዛዙ በነጭ ቀለም ወይም በጣም በደቀቀ ፊደል የተጻፈ ነበር። የተጻፈው ለሰው አይደለም፤ ገምጋሚው ጽሑፉን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ቢሰጠው ማሽኑ «አወድሰው» እንዲባል ነው። አንዳንድ ጸሐፊዎች በማሽን የሚገመግሙ ሰነፍ ገምጋሚዎችን ለማጥመድ ነው ሲሉ ተከራከሩ። አይሲኤምኤል የተባለው ትልቅ የማሽን ለርኒንግ ጉባኤ ግን በዚያው ዓመት አቋሙን አሳወቀ፤ መልካም ግምገማ ለማግኘት ታስቦ የተደበቀ ትእዛዝ ሳይንሳዊ የሥነ ምግባር ጥሰት ነው አለ። ገምጋሚው ደንብ መጣሱ ለጸሐፊው ማስተባበያ እንደማይሆንም ገለጸ። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ወጥመድ ማጥመድ የፈለገ ለአዘጋጁ ያሳውቅና ያጥምድ፤ ትእዛዙ «አወድሰኝ» ከሆነ ወጥመድ አይባልም።

ወደ ተማሪያችን እንመለስ። ኮሚቴ ፊት ሲቀርብ የሚለው ይታወቃል፦ «እኔ ምንም አላደረግሁም፤ ለአስተካካይ ከፍዬ ነው፤ ምን እንዳደረገው አላውቅም።» ምናልባት እውነቱን ነው። ሲሪሊክ የሚባል ፊደል መኖሩን ዛሬ ነው የሰማው። ያ ግን ኃላፊነቱን አያነሣለትም። ቴሲሱ መጀመሪያ ላይ «ይህ የራሴ ሥራ ነው» የሚል ገጽ አለ፤ ፊርማው የእሱ ነው። ለማውረድ ሲከፍልም 38 በመቶው እንደገና ሳይጻፍ እንደማይወርድ ያውቃል። በእኔ እምነት አለማወቁ በቅጣቱ መጠን ላይ ሊታሰብለት ይገባል፤ ጥፋቱ ተፈጽሟል ወይ በሚለው ላይ ግን አይደለም። ቅጣቱ እንደየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሌጂስሌሽን ይለያያል፤ ጽሑፉን ከመሰረዝ አንሥቶ ከትምህርት እስከ ማሰናበት፣ ከምርቃት በኋላ ሲገኝ ደግሞ ዲግሪ እስከ መንጠቅ ሊደርስ ይችላል። ከምርቃት በኋላ መገኘቱ ቀልድ አይደለም። ፋይሉ በቤተ መጻሕፍቱ ቋት ውስጥ ይቀመጣል። ዛሬ ያልያዘው ቼከር ከአምስት ዓመት በኋላ ተሻሽሎ ሊያነበው ይችላል።

ኮሚቴውም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ባንዲራውን ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም፤ ቅድም እንዳልኩት ምልክት እንጂ ፍርድ አይደለም። የፋይሉን ባሕርይ ከፍቶ «የመጨረሻ ያስተካከለው እገሌ» የሚለውን ስም እንደ ማስረጃ መያዝም አደጋ አለው። እኛ ጋ ብዙ ተማሪ የሚጽፈው በጋራ ኮምፒውተር ወይም በኮፒ ቤት ነው፤ ስሙ የኮፒ ቤቱ ሆኖ መውጣቱ የተለመደ ነው። የሚጸናው ማስረጃ ሦስት ነገር አንድ ላይ ሲይዝ ነው፦ የተተኩት ፊደላት ዝርዝርና ብዛት፣ ያሉበት ገጽ ከተቀዳው ክፍል ጋር ጎን ለጎን፣ የስካኑና የፋይሉ ሁለት ውጤቶች። ለተማሪው እነዚህን አሳይቶ ቀድሞ የነበሩትን ረቂቆች እንዲያመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ንጹሕ ሰው ብዙ ጊዜ የድሮ ረቂቅ አለው፤ በኢሜይል ለአማካሪው የላከው፣ ፍላሽ ላይ የቀረ። እንግዳው ፊደል ከመጀመሪያው ረቂቅ ጀምሮ እዚያው ጥቅስ ላይ ከነበረ ጉዳዩ ወደ የዋህ ስህተት ያመዝናል። ለአማካሪው የተላከው ረቂቅ ንጹሕ ሆኖ ለቼከሩ የገባው ብቻ ከተበከለ ግን ሌላ ነው።

ገና ያላስገባችሁ፣ ፋይላችሁ ግን በሌላ ሰው እጅ ያለፈ ካላችሁ፣ ከማስገባታችሁ በፊት Ctrl+F አድርጉ። ከየምዕራፉ አንድ የተለመደ ቃል በራሳችሁ ኪቦርድ ጽፋችሁ ፈልጉ። የምታዩትን ካላገኘ ያንን ፋይል ተዉትና ከመስጠታችሁ በፊት ወደነበረው ቅጂ ተመለሱ። «አጽድቼ ልጠቀምበት» አትበሉ፤ ሲሪሊኳን ኦ በእንግሊዝኛዋ ስትተኩ ነጩ ጥቅስ ወይም U+200B ሳይጸዳ ሊቀር ይችላል። ከዚያ በድሮው ቅጂ ላይ 38 በመቶውን ይዛችሁ አማካሪያችሁ ዘንድ ሂዱ።